የመከር ታሪክ በገበሬው አንደበት

ስለ ጤፍ አጨዳ «እኔ» ተብሎ የሚነገር ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ

ገበሬው ራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ በሰዎች ፊት በድምፅ እንዲነበብ የሚጻፍ የመከር ታሪክ አለ። በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ተናጋሪው «እኔ» ይላል፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ተማሪ ግን ከኋላው ተሰውሮ ይቀራል። ስለዚህ ጸሓፊው የገበሬውን ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫና እጅ መዋስ ይገባዋል። ይህ ትምህርት መዋሱ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል። ለምሳሌ የተመረጠው የጤፍ መከር ነው፤ ቦታውም በሸዋ፣ በአድዓ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው ጥቁር መሬት ነው። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ በጤፉ የታወቀ ነው።

1ኛ፤ ታሪኩ ስለ አንድ ማሳና ስለ አንድ ሥጋት ይሁን

ተማሪ ስለ መከር ጻፍ በተባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስለ መከር ሁሉ ለመጻፍ ይነሣል። ስንዴውንም፣ ገብሱንም፣ ደቦውንም፣ ጠላውንም በአንድ ገጽ ላይ ያከማቻል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የማንም ገበሬ አይደለም። እውነተኛው ገበሬ ሲናገር ስለ አንድ ማሳው፣ ስለ አንድ ዓመቱ፣ ስለ አንድ ፍርሃቱ ነው የሚናገረው።

በጤፍ ላይ ሦስት ሥጋቶች አሉ። የመጀመሪያው ሳይበስል ማጨድ ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክብደትም ያጣል። ሁለተኛው ዘግይቶ ማጨድ ነው፤ እጅግ የደረቀ ዛላ በተነካ ቁጥር ፍሬው ይረግፋል። የጤፍ ፍሬ ከመቶ በላይ ተሰብስቦ የአንዲት የስንዴ ፍሬን ክብደት የሚያህል ደቃቅ ስለ ሆነ፣ በተሰነጠቀ ጥቁር መሬት ላይ የረገፈውን መልሶ የሚለቅም የለም። ሦስተኛው ከታጨደ በኋላ ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ ነው። ጸሓፊው ከሦስቱ አንዱን ይምረጥ። ከዚህ በታች ባለው ምሳሌ የተመረጠው ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱ ግን በመንገድ ላይ ጥቂት ይነካሉ።

ደግሞ ተናጋሪው በዚያች ሰዓት የሚያውቀውን ብቻ እንዲናገር ያስፈልጋል። ማጭዱን ባነሣበት ጠዋት ዝናቡ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው አንቀጽ «ያች የመከራ ዝናብ ሳትመጣ በፊት» ቢል ታሪኩን ራሱ ያፈርሰዋል፤ አድማጩ ከገበሬው ጋር መሥጋቱን ትቶ ፍጻሜውን ብቻ ይጠብቃልና።

2ኛ፤ የሚታየውና የሚሰማው ሁሉ የገበሬው ምልክት ይሁን

የዐይን፣ የጆሮ፣ የአፍንጫና የእጅ ነገር በጽሑፍ ውስጥ የሚገባው ለጌጥ አይደለም። ገበሬ በማሳው ላይ ሳለ እነዚህ ሁሉ እንደ ሚዛን ያገለግሉታል፤ በእነርሱ ይፈርዳል። ስለዚህ ጸሓፊው አንድን ሽታ ወይም ድምፅ ከመጻፉ በፊት፣ «ገበሬው ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያጣለትን ይተወው።

ለምሳሌ ጤፍ መብሰሉ የሚታወቀው ዛላውም አገዳውም ወደ ቢጫነት ሲለወጥ ነው። ይህ ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ ያየ ሰው ሊታለል ይችላል። ገበሬው ዛላውን ቀጥፎ በመዳፉ ያሸዋል፣ እፍ ይልበታል፤ እብቁ ሲበር ፍሬው ይቀራል። ፍሬውንም በጥርሱ ይሞክራል። ቀጭ ካለ ደርሷል፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው። የነዶውን ድርቀት ደግሞ በጆሮ ያውቃል፤ የደረቀ ነዶ ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል፣ እርጥቡ ግን ድምፅ የለውም። ሳይደርቅ የተከመረ ነዶ ውስጡ እንደሚግል ዐይን አይነግረውም፤ ይህን የምታውቅ እጅ ናት። ቀጥሎም አፍንጫ የሻጋታውን ሽታ ይነግረዋል።

በዚህ መንገድ ሲታሰብ ጽሑፉ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። «የጤፉ ማሳ እጅግ ያማረ ነበር፤ ልቤም በደስታ ተሞላ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለስንዴም፣ ለኑግም፣ ለአበባም ይሆናል፤ ገበሬውም በዚያ ምንም አልሠራም። «አንድ ዛላ ቀጥፌ አሸሁና እፍ አልሁበት» የሚለው ግን የገበሬውን ሥራ ያሳያል፤ አድማጩም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ይጠብቃል።

3ኛ፤ ታሪኩ የሥራውን ተራ ይከተል

የጤፍ ሥራ የራሱ ተራ አለው፤ ታሪኩም ያንኑ ተራ ቢከተል ሌላ ማያያዣ አያስፈልገውም። ጤፍ በማጭድ ይታጨዳል፤ በነዶ ታስሮ በማሳው ላይ ለጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ከዚያ ይከመራል። በክምር ሳለ ሳምንታት ይቆያል። በመጨረሻ በአውድማ ላይ በበሬ ይበራያል፤ ገለባው በመንሽ ይነሣል፤ የቀረው በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል፤ ንጹሑ ፍሬ ተሰፍሮ ወደ ጎተራ ይገባል።

በዚህ ተራ ውስጥ ጸሓፊዎች የሚሳሳቱት በሰዓቱ ነው። ጤፍ ለማጨድ የተመረጠው ሰዓት ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው፤ ዛላው ያን ጊዜ ልዝብ ስለ ሆነ ፍሬ አይጥልም። ለማበራየት ግን ፀሐይ የበረታበት ሰዓት ይመረጣል፤ ገለባው ደርቆ በቶሎ እንዲደቅና ፍሬው እንዲለይ። ስለዚህ በአጨዳው ላይ እግር በጤዛ ይርሳል፤ በአውድማው ላይ ግንባር በላብ ይርሳል። ይህን ያዛባ ጽሑፍ በገበሬ ፊት ሲነበብ ገበሬው ፈገግ ይላል።

ዛሬ በብዙ አገር የማበራያ መኪና ስለ ገባ፣ በመኪና የሚያበራይ ገበሬ ታሪክ ሲጻፍ የበሬ ኮቴ አይግባበት፤ የሞተሩ ድምፅና አቧራው ይጻፍ። በምሳሌው ውስጥ ያለው ገበሬ ግን የሚያበራየው በበሬ ነው።

4ኛ፤ ምሳሌ

ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ አንድ ገበሬ እንደሚናገረው ሆኖ ለትምህርት የተዘጋጀ ነው። አንባቢው በቀስታ ያንብበው። «ዕረፍት» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቃሉን ሳያነብ ትንፋሽ ወስዶ ይቀጥል።

«የእኔ ማሳ ሁለት ጥማድ ነው። መሬቱ መረሬ ነው፤ በክረምት እግር ይውጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል። ጤፉን የዘራሁት በሐምሌ መጨረሻ ነበር።

«በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ማሳው ወረድሁ። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አራሰኝ። ከመንገዱ ላይ ቆሜ ሳየው ማሳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ገብቼ ጎንበስ ስል ግን፣ ከታች ውኃ ከሚተኛበት በኩል ያለው አገዳ ሥሩ ገና አረንጓዴ ነው። ከላይ አንድ ዛላ፣ ከታች አንድ ዛላ ቀጠፍሁ። በየተራ በመዳፌ አሸሁና እፍ አልሁበት፤ ፍሬውንም በጥርሴ ነከስሁ። የላዩ ቀጭ አለ። የታቹ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ከላይ ልጀምር፣ የታቹን 5 ቀን ልተወው ብዬ ቆረጥሁ።

«በማግሥቱ ወንፈል ገባን፤ ስድስት ሆነን ተሰለፍን። እጅ ይጨብጣል፣ ማጭድ ይስባል፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ጤዛው ሳለ ዛላው እንደ እርጥብ ጠጕር በእጅ ላይ ይተኛል። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ጀርባችንን መታን፤ ዛላውም ሻከረ። የጤፍ ፍሬ ሲረግፍ ድምፅ የለውም። እኔ ያየሁት በእግሬ ጣቶች መካከል ነው። ማጭዶቻችንን አኖርን፤ የቀረውን ለነገ ጠዋት አልነው። በሁለት ጠዋት የላዩ ማሳ አለቀ፤ ነዶውም በየቦታው ተኝቶ ቀረ።»

ዕረፍት

«በሁለተኛው ቀን ማምሻ ነፋሱ ዞረ። በበጋ ከማይመጣበት በኩል መጣ፤ ከሩቅ የራሰ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ጎረቤታችን ሽማግሌው በበትራቸው ተደግፈው ሰማዩን አዩና፣ ‹ልጄ፣ ይህ ደመና የክረምት ቅሬታ ነው፤ አትመነው፤ ነዶህን ሰብስብ› አሉኝ። ነዶውን አንሥቼ ጨበጥሁት። አልተንኮሻኮሸም። ሳይደርቅ እንዳልከምረው ፈራሁ፤ እንዳልተወውም ፈራሁ። በመጨረሻ ከልጆቼ ጋር እስኪጨልም ድረስ ተሸክመን በአንድ ቦታ አከማቸነው፣ ሣርም አለበስነው። በጠርዙ ያሉትን ጥቂት ነዶዎች ጨለማው ቀደመን።

«ዝናቡ በመንፈቀ ሌሊት ጀመረ። በሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ በሐምሌ የምንወደው ድምፅ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ባለቤቴም እኔም ነቅተን ሳለን ዝም አልን። ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ዘነበ።

«በሦስተኛው ጠዋት ሣሩን ገለጥሁ። የላዩ ነዶ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢጫነቱም አልጠፋም። ደስ ብሎኝ ነበር። ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ ወደ ውስጥ ስሰድድ ግን እንደ ላም ትንፋሽ ሞቀኝ። እጄን አውጥቼ አሸተትሁ፤ የከረመ እርሾ ይሸታል። ልጆቹን ጠራሁ። ደክመን ያከማቸነውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታነው።

«ሦስት ቀን ስናሰጣውና ስንገለብጠው ዋልን። ከብት እንዳይገባ ትንሹ ልጄ ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ተሲያት ላይ አንዱን ነዶ ጨበጥሁ፤ ተንኮሻኮሸ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ጨበጥሁ። በጠርዙ የቀሩት ግን ውኃ ተኝቶባቸው ነበር። ፍሬው ነጣነቱን ትቶ ዐመድ መስሏል፤ ከአንዳንዱም እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ወጥቷል። የሻገተውን ጣልሁ። የጠቆረውን ብቻ ለይቼ አሰርሁት፤ ከዘርም ከገበያም እንዳይቀላቀል። የታቹ ማሳ ጋሽቦ ነበር፤ ቢሆንም አልታጨደምና ነፋስ አደረቀው። እርሱንም በጤዛ አጨድነው።

«ከዚያ በኋላ ከመርሁ። ምስጥ እንዳይወጣበት ከሥሩ ድንጋይና እንጨት አነጠፍሁ። ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ አደረግሁ። ጫፉን እንደ ቤት ክዳን አሾልሁት።»

ዕረፍት

«ጥምቀት ካለፈ በኋላ አውድማውን ጠረግን። እበቱን በውኃ በጥብጠን ለቀለቅነው፤ የመሬቱ ስንጥቅ ሁሉ ተደፈነ። ሲደርቅ እንደ ምጣድ ለስልሶ፣ ሲረገጥ ጠንክሮ ተገኘ። በእኩለ ቀን ነዶውን ዘረጋን፣ በሬዎቹንም አስገባን። መጀመሪያ ገለባው ከኮቴያቸው በታች ይሰበር ነበር፤ ድምፁ ከቤት ይሰማል። ሲዞሩ ሲዞሩ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ኮቴያቸው በጥጥ ላይ የሚሄድ መሰለ። ያን ጊዜ ገለባው መድቀቁን ዐወቅሁ። ልጄ ገለባ በእጁ ይዞ ከኋላቸው ይሄዳል፤ በሬ ጅራቱን ሲያነሣ ፈጥኖ ይቀበላል፣ እበት በእህሉ ላይ እንዳይወድቅ።

«ገለባውን በመንሽ አንሥተን ነፋስ ጠበቅን። በ9 ሰዓት መጣ። በላይዳ አንሥቼ ወረወርሁ፤ እብቁ እንደ ጢስ ሄደ፣ ፍሬውም ከፊቴ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ በረታ። እብቁ ወደሚወድቅበት ሄጄ አንድ ቆንጥር አንሥቼ በመዳፌ ላይ በተንሁ። ፍሬ ነበረበት። ላይዳውን አኖርሁና ተቀመጥሁ። በሬዎቹ ያመሰኳሉ። ማንም አልተናገረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ለዘበ፤ እንደ ገና ተነሣሁ።

«ባለፈው ዓመት 8 ጆንያ ነበር። ዘንድሮ 6 ሆነ፤ የጠቆረው ለብቻው ግማሽ ጆንያ። ከሁሉ በፊት የዘሩን አቁማዳ ከንጹሑ ሞላሁ። ልጄ፣ ‹አባዬ፣ ስንት ሆነ?› አለኝ። ‹ስድስት› አልሁት። ባለቤቴ ሰማችን፤ ምንም አላለችም። የጎተራውን ክዳን ገጠመችና ወደ እሳቱ ተመለሰች።

«መዳፌን ብከፍት በመስመሮቹ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ተሰግስጎ አየሁ። ወደ ዘሩ አቁማዳ አራገፍሁት። አፉንም አሰርሁ።»

5ኛ፤ ምሳሌው እንዴት እንደ ተሠራ

በምሳሌው ውስጥ ገበሬው የሚነካቸውን ነገሮች ተማሪው ይቍጠራቸው። ዛላውን ሲያሽ የትኛውን ማሳ እንደሚያስቀድም ቆረጠ። በእግሩ ጣቶች መካከል ፍሬ ሲያይ አጨዳውን አቆመ። ነዶው ሳይንኮሻኮሽ ሲቀር ተጨነቀ። ክንዱ ሲሞቀው ክምሩን ፈታ። የኮቴው ድምፅ ሲጠፋ ገለባው መድቀቁን ዐወቀ። በእብቁ ውስጥ ፍሬ ሲያገኝ ላይዳውን አኖረ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢወጣ ከእርሱ በኋላ ያለው ሥራ ምክንያት ያጣል። በሁለተኛው ክፍል የተነገረው ሕግ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ክንዱን ወደ ነዶው ውስጥ የሰደደበት ነው። በዚያ ቦታ ዐይኑና እጁ አልተስማሙም። ዐይኑ ቢጫውን አይቶ ደስ አለው፤ እጁ ግን ሙቀቱን አግኝቶ ደስታውን ሻረው። እርጥበት ያለው ነዶ ተጨናንቆ ሲከመር ውስጡ ይግላል፤ ሙቀቱ ሻጋታን ያፋጥናል፣ ፍሬውንም ያጠቁራል። ውጭው ግን ነፋስ ስለሚያገኘው ደኅና መስሎ ይታያል። ክንዱን ሳያስገባ ሣሩን መልሶ ያለበሰ ገበሬ ጉዳቱን የሚያገኘው በአውድማ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማዳኛ የለውም። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ዝናቡ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ክንዱን ማስገባቱ ነው፤ ጸሓፊውም ለዝናቡ ጥቂት ቃል፣ ለክንዱ ብዙ ቃል ሰጠ።

ቀጥሎ የሚመረመረው የተናጋሪው ጠባይ ነው። ገበሬው «እኔ ብልህ ስለ ሆንሁ» አላለም። የፈራውን ፈራሁ አለ፤ ስለ ደረሰበት ጉዳት ግን አላለቀሰም። ባለቤቱና እርሱ በዝናቡ ሌሊት ነቅተው ዝም ማለታቸውን ብቻ ተናገረ። የሚያነበው ሰውም በዚህ ቦታ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይገባውም፤ ዝምታው ራሱ ይሰማልና።

6ኛ፤ ታሪኩ በጸጥታ እንዴት ይፈጸማል

ብዙ ጽሑፎች በመጨረሻው ላይ ይበላሻሉ። ጸሓፊው ታሪኩ ካለቀ በኋላ «ስለዚህ ሰው ሁሉ ትጉህ መሆን አለበት» ብሎ ምክር ይጨምራል፤ ወይም ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እልል እንዲል ያደርጋል። ገበሬው ግን በማምሻ ደክሞታል። በዚያ ሰዓት የሚቀረው የእጅ ሥራ ብቻ ነው።

ጸጥ ያለ ፍጻሜ የሚገኘው የሥራውን ድምፆች አንድ በአንድ በመቀነስ ነው። በምሳሌው መጨረሻ በሬዎቹ ቆመው ያመሰኳሉ፤ ከዚያ ነፋሱ ይለዝባል፤ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ይሰማል፤ ክዳን ይገጠማል። የመጨረሻው ነገር በመዳፍ መስመር ውስጥ የቀሩ ጥቂት ፍሬዎች ናቸው። ገበሬው 2 ጆንያ ማጣቱን ዳግመኛ አላነሣም። ነገር ግን ለሚመጣው ሐምሌ እነዚያን ጥቂት ፍሬዎች እንኳ ወደ ዘሩ ሲጨምር፣ አድማጩ የጎደለውንም የተረፈውንም በራሱ ያስባል። ፍሬዎቹ ወደ ጎተራው ቢራገፉ ኖሮ ታሪኩ በመብል ይፈጸም ነበር፤ ወደ ዘሩ ስለ ተራገፉ ግን ወደሚመጣው ዓመት ያመለክታል።

ጸሓፊው የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከጻፈ በኋላ ይመርምረው። በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እጅ የሚሠራው ነገር ካለ ይተወው። አሳብ ወይም ምክር ብቻ ካለ ይሰርዘውና ከእርሱ በፊት ያለውን ዐረፍተ ነገር ያንብብ፤ ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ፍጻሜ እርሱ ነው።

ጥያቄ

1. ጤፍ በጠዋት፣ በጤዛ የሚታጨደው፣ በእኩለ ቀን፣ በፀሐይ የሚበራየው ስለ ምን ነው?

2. ገበሬው ነዶውን በጨበጠ ጊዜ ምን ይሰማ ዘንድ ይፈልግ ነበር? ባለመሰማቱስ ምን ዐወቀ?

3. የክምሩ ላይ ደኅና መስሎ ሳለ ውስጡ የሚበላሸው እንዴት ነው?

4. ገበሬው ነፋሱ በበረታ ጊዜ ላይዳውን ለምን አኖረ? መጀመሪያስ ምን አየ?

5. የጠቆረው ጤፍ ከዘሩ ጋር ቢቀላቀል ኖሮ በሚመጣው ዓመት ምን ይሆን ነበር?

የጽሕፈት ሥራ

ተማሪው በመንደሩ ወዳለ አንድ ገበሬ ሄዶ በዚህ ዓመት ስለ ሰበሰበው እህል ይጠይቅ። «መከሩ እንዴት ነበር?» ብሎ አይጠይቅ፤ እንዲህ ለተጠየቀ ሰው መልሱ «ደኅና ነበር» ነው። «መድረሱን በምን ዐወቁ? በእጅዎ ምን ነኩ? ምን ሸተተዎ? የትኛው ቀን አሳሰበዎ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በገበሬው ቃል ይጻፍ፤ ገበሬው ለዕቃውና ለሥራው የሚሰጠውን ስም በሌላ አይለውጥ። ከዚያ በኋላ «እኔ» በሚል አነጋገር ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ታሪክ ያዘጋጅ። በክፍል ከማንበቡ በፊት ለዚያው ገበሬ ያንብብለት፤ ገበሬው ያቋረጠበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጎ ያርመው።